ፈርምዌርን በሲሪያል መስመር የሚያድስ ቡትሎደር፦ ቼክሰም የት እና መቼ ይፈተሻል?

በአነስተኛ ማይክሮኮንትሮለር ውስጥ የሚኖር ቡትሎደር ሁለት ሥራዎች አሉት። አንደኛው አዲስ ፈርምዌር ከኮምፒውተር ተቀብሎ በፍላሽ ማኅደር ላይ መጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ ኃይል በተገኘ ቁጥር በፍላሹ ላይ ያለውን ፕሮግራም ማስነሣት ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ መወሰን ነው። አብዛኛው የጀማሪ ንድፍ ድካሙን ሁሉ በመጀመሪያው ሥራ ላይ ያፈስስና ሁለተኛውን በአንድ መስመር ኮድ ያልፈዋል። መሣሪያው በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ እስካለ ድረስ ይህ ጉድለት አይታይም፤ የፕሮግራመሩ ገመድ በአጠገቡ አለና። መሣሪያው በሳጥን ታሽጎ በምሰሶ ላይ ወይም በውኃ ጉድጓድ አፍ ከተተከለ በኋላ ግን፣ በማደስ መካከል ኃይል ቢቋረጥ ይነሣል ወይስ እንደ ሞተ ይቀራል የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በዚያች አንድ መስመር ነው።

ጉዳዩን በተጨባጭ ለማየት በብዙ የተማሪ ፕሮጀክቶች ውስጥ የሚገኘውን ኤስቲኤም32ኤፍ103ሲ8 የተባለውን ማይክሮኮንትሮለር መውሰድ ይቻላል። ይህ ቺፕ 64 ኪሎባይት ፍላሽ እና 20 ኪሎባይት ራም አለው። ፍላሹ እያንዳንዳቸው 1 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች የተከፈለ ነው፤ የሚጠፋው በገጽ፣ የሚጻፈው ግን በሁለት በሁለት ባይት ነው። የጠፋ ገጽ ሁሉ ባይቱ `0xFF` ሆኖ ይነበባል። መታደስ ያለበት ፕሮግራም 40 ኪሎባይት ነው እንበል፤ የመስመሩ ፍጥነት ደግሞ በሰከንድ 115200 ቢት።

ፋብሪካው ራሱ በቺፑ ውስጥ ቋሚ ቡትሎደር አስቀምጧል፤ እርሱም በሲሪያል መስመር ይሠራል። ታዲያ ሌላ ለምን ይነደፋል? የፋብሪካው ቡትሎደር የሚነሣው አንድ የቺፑ እግር ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሳብ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሳጥኑን መክፈት አለበት። የትእዛዞቹም መፈተሻ ባይቶቹን በኤክስ-ኦር የሚያጣምር አንድ ባይት ብቻ ነው፤ በሁለት ባይቶች ላይ አንድ ዓይነት ቢት ቢገለበጥ ስሕተቶቹ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሁለተኛውን ሥራ አይሠራም። በፍላሹ ላይ የተጻፈው ፕሮግራም ሙሉ ይሁን ጎዶሎ ሳይጠይቅ ቺፑ በተለመደው መንገድ ይነሣል።

በዚህ ንድፍ ቡትሎደሩ ከ`0x08000000` የሚጀምሩትን የመጀመሪያዎቹን 8 ኪሎባይቶች ይይዛል። ቀጥሎ በ`0x08002000` ላይ አንድ ገጽ ለራስጌው ብቻ ይተዋል፤ በዚያ ገጽ ላይ የምልክት ቃል፣ የፕሮግራሙ ርዝመት እና የፕሮግራሙ ቼክሰም ይቀመጣሉ። ፕሮግራሙ ራሱ ከ`0x08002400` ይጀምርና እስከ ፍላሹ መጨረሻ ያለው 55 ኪሎባይት የእርሱ ነው። ለጥቂት ባይቶች አንድ ሙሉ ገጽ መስጠት ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን ራስጌው ብቻውን ሊጠፋና ብቻውን ሊጻፍ መቻሉ የንድፉ ሁሉ ምሰሶ እንደ ሆነ ኋላ ይታያል። የቡትሎደሩ ገጾች በቺፑ የጽሕፈት መከልከያ መቆለፍ አለባቸው። መከልከያው በዚህ ቺፕ ላይ በአራት አራት ገጽ ስለሚሠራ 8 ኪሎባይት በሁለት ቢት በትክክል ይሸፈናል። ቡትሎደር በገዛ ኮዱ ስሕተት ራሱን ቢያጠፋ ከዚያ በኋላ የሚያድነው ነገር የለም።

ለመስመሩ ፕሮቶኮል አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ዋርድ ክሪስተንሰን እ.ኤ.አ. በ1977 የጻፈው ኤክስሞደም ለዚህ ሥራ አሁንም በቂ ነው። እያንዳንዱ ፓኬት 128 ባይት መረጃ፣ የፓኬቱን ተራ ቁጥር፣ የተራ ቁጥሩን ተገላቢጦሽ እና መፈተሻ ይይዛል። ላኪው አንድ ፓኬት ልኮ እሺታ እስኪያገኝ ይጠብቃል። በመጀመሪያው ኤክስሞደም መፈተሻው የ128ቱ ባይቶች ድምር የመጨረሻ 8 ቢት ነበር፤ ሲአርሲ የተባለውን 16 ቢት መፈተሻ የተኩት ኋላ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአንድ ፓኬት ውስጥ `0x10` የነበረው ባይት `0x11`፣ `0x41` የነበረው ደግሞ `0x40` ሆኖ ቢደርስ ድምሩ በሁለቱም ሁኔታ `0x51` ነው፤ ተቀባዩ እሺ ይላል። ሁለት ባይቶች ቦታ ቢለዋወጡም ድምሩ አይለወጥም። ባለ 16 ቢቱ ሲአርሲ በዚህ የፓኬት ርዝመት የትኞቹንም ሁለት የተገለበጡ ቢቶች እና እስከ 16 ቢት ድረስ የሚረዝመውን ማንኛውንም ተከታታይ ብልሽት ሳይስት ያገኛል። የሞተር ማብሪያ በአጠገቡ ባለበት መስመር ላይ የሚያጋጥመው ብልሽት በአብዛኛው እንዲህ ተከታታይ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ተጨማሪ የኮድ መስመሮች ይገባቸዋል።

እሺታው የሚላክበት ጊዜ ትንሽ ጉዳይ ይመስላል፤ ብዙ ሰዓት የሚያባክነው ግን እርሱ ነው። ቺፑ ፍላሹን ሲያጠፋ ወይም ሲጽፍ ከዚያው ፍላሽ ቀጣዩን ትእዛዝ ማንበብ ስለማይችል ፕሮሰሰሩ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ገጽ ለማጥፋት ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ሁለት ባይት ለመጻፍ ደግሞ ወደ 50 ማይክሮ ሰከንድ። በ115200 ፍጥነት አንድ ባይት የሚደርሰው በ87 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ነው። እንግዲህ ተቀባዩ በኢንተራፕት ባይቶችን ወደ ራም የሚያከማች ከሆነ የጽሕፈቱን መቆም ይችለዋል፤ የሲሪያል ክፍሉ አንድ ባይት ይዞ መቆየት ይችላልና። የማጥፋቱን መቆም ግን አይችለውም። 133 ባይት ያለው ሙሉ ፓኬት በ11.5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያልፋል፤ ገጹ ገና ሳይጠፋ ፓኬቱ በሙሉ መጥቶ ሄዷል።

ይህ የሚከሰተው ቡትሎደሩ ፓኬቱ ትክክል መሆኑን እንዳየ እሺ ብሎ፣ ገጹን ማጥፋትና መጻፍ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ከሆነ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው። አንድ ገጽ ስምንት ፓኬት ስለሚይዝ የሚጠፉት ፓኬቶች 2ኛው፣ 10ኛው፣ 18ኛው እያሉ ይሄዳሉ፤ የሲሪያል ክፍሉም የመትረፍረፍ ባንዲራ በርቶ ይገኛል። አስቸጋሪው ነገር ማደሱ በመጨረሻ መሳካቱ ነው። ላኪው አንድ ሰከንድ ጠብቆ ፓኬቱን ይደግመዋል፤ ለ40 ገጾች 40 ሰከንድ ይጨመራል፤ ተጠቃሚውም መስመሩ ዘገምተኛ ነው ብሎ ይተወዋል። እሺታው ከማጥፋቱና ከመጻፉ በኋላ ከተላከ ችግሩ የለም። 320 ፓኬቶች በመስመሩ ላይ 3.7 ሰከንድ ይፈጃሉ፤ ማጥፋቱ እስከ 1.6፣ መጻፉ ወደ 1.1 ሰከንድ ይጨምራሉ። የሲሪያል አስማሚው መዘግየት ሳይቆጠር ጠቅላላው ከ7 ሰከንድ አይበልጥም። ከዚህ ብዙ የራቀ ጊዜ ሲታይ የድጋሚ ሙከራዎችን ቁጥር መመልከት ያስፈልጋል።

እሺታውም ራሱ በመንገድ ሊጠፋ ይችላል። ያን ጊዜ ላኪው በደኅና የተጻፈውን ፓኬት ይደግማል። ተቀባዩ ተራ ቁጥሩን ሳይመለከት ቢቀበለው ፕሮግራሙ ከዚያ ወዲህ 128 ባይት ተገፍቶ ይጻፋል። ስለዚህ የተደገመ ፓኬት እሺ ይባላል፣ አይጻፍም።

እያንዳንዱ ፓኬት ከተፈተሸ ሁለተኛ ቼክሰም ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ በዚህ ላይ ይነሣል። የፓኬቱ ሲአርሲ የሚመሰክረው ባይቶቹ ከኮምፒውተሩ እስከ ራሙ ድረስ በደኅና መድረሳቸውን ነው። ከራሙ ወደ ፍላሹ ስላለው መንገድ የሚያውቀው ነገር የለም። ጽሕፈቱ ሳይሳካ ቢቀር፣ አድራሻው በአንድ ገጽ ቢሳሳት፣ አንድ ገጽ ሳይጠፋ የቀድሞው ፕሮግራም ቢቀርበት፣ ፓኬቶቹ በሙሉ ትክክል ሆነው ፕሮግራሙ ግን የተበላሸ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 32 ቢት ሲአርሲ ከፍላሹ ላይ ተነብቦ ለጠቅላላው ፕሮግራም መሰላት አለበት፤ መሰላት ያለበትም ማደሱ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን መሣሪያው በተነሣ ቁጥር ነው። ለ40 ኪሎባይት ይህ በ72 ሜጋኸርዝ ጥቂት አሥር ሚሊ ሰከንዶችን ብቻ ይጠይቃል፤ ማንም አይሰማውም።

የማደሱ ቅደም ተከተል እንዲህ ይሆናል። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ ርዝመቱንና ሲአርሲውን ብቻ የያዘ ፓኬት ይልካል። ቡትሎደሩ ርዝመቱ ከ55 ኪሎባይት እንደማይበልጥ ያረጋግጣል፤ ከበለጠ ምንም ሳይነካ እንቢ ይላል። ከበቃ ሁለቱን ቁጥሮች በራም ይይዝና ከሁሉ አስቀድሞ የራስጌውን ገጽ ያጠፋል። ከዚህ ቅጽበት ጀምሮ መሣሪያው የሚነሣ ፕሮግራም የለውም፤ ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ከዚያ ገጾቹን እያጠፋ ይጽፋል፣ ሲያበቃ ከፍላሹ ሲአርሲውን ያሰላል፣ ከተስማማ ብቻ ርዝመቱንና ሲአርሲውን በራስጌው ላይ ይጽፋል። የምልክት ቃሉን የሚጽፈው ከሁሉ በኋላ ነው። በማስነሻው ጊዜ የሚደረገው ፍተሻ ይህን ይመስላል፦

```c
static int image_ok(void)
{
    const hdr_t *h = (const hdr_t *)0x08002000;
    if (h->magic != 0x46573031) return 0;
    if (h->len < 8 || h->len > 0xDC00) return 0;
    return crc32((const void *)0x08002400, h->len) == h->crc;
}
```

አሁን ኃይሉ በየደረጃው ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን መከተል ይቻላል። ራስጌው እየጠፋ ሳለ ቢቋረጥ የቀድሞው ፕሮግራም ገና አልተነካም፤ ራስጌው ተርፎ ቢገኝ የቀድሞው ፕሮግራም በትክክል ይነሣል፣ ተርፎ ባይገኝ ቡትሎደሩ ይጠብቃል። ሁለቱም ደኅና ናቸው። በ17ኛው ገጽ ላይ ቢቋረጥ የምልክት ቃሉ ስለሌለ ቡትሎደሩ አዲስ ማደስ ይጠብቃል። ሲአርሲው ተጽፎ የምልክት ቃሉ ሳይጻፍ ቢቋረጥም እንዲሁ ነው። ይህ ሁሉ የተገኘው የራስጌው ገጽ መጀመሪያ በመጥፋቱና መጨረሻ በመጻፉ ነው። ራስጌውን ከፕሮግራሙ ጋር በተራው የሚጽፍ ንድፍ ግን ምልክቱን አስቀድሞ ያሰፍራል፤ በ17ኛው ገጽ ላይ ሲቋረጥ ግማሽ ፕሮግራም ላይ ትክክል የሚል ማኅተም ይቀራል። ማስነሻው የምልክት ቃሉን ብቻ የሚያይ ከሆነ ወደ ባዶ ፍላሽ ይዘልላል፤ ዋችዶግ ካለ መሣሪያው ማብቂያ በሌለው ሁኔታ ራሱን ያስነሣል፣ ከሌለ ደግሞ ጸጥ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። በመጥፋት ላይ ሳለ የተቋረጠ ገጽ `0xFF` ሆኖ ሊነበብ ይችላል፣ ነገር ግን ሴሎቹ በሚገባ ላይጠፉ ይችላሉ። ባዶ የሚመስልን ገጽ ሳያጠፉ ማለፍ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ቢያተርፍም ቡትሎደሩ ይህን አቋራጭ መውሰድ የለበትም።

በፍተሻው ውስጥ ርዝመቱ ከሲአርሲው በፊት መፈተሹም ምክንያት አለው። የጠፋ ራስጌ ርዝመት `0xFFFFFFFF` ሆኖ ይነበባል። ሲአርሲውን በዚህ ርዝመት ለማስላት የሚሞክር ኮድ ፍላሹን አልፎ ወደሌለ አድራሻ ይሄድና ፕሮሰሰሩ በስሕተት ይቆማል፤ በጥበቃ ምክንያት የተጻፈው ኮድ ራሱ ቡትሎደሩን ገደለው ማለት ነው። የታችኛው ወሰንም እንዲሁ ያስፈልጋል። በዚህ ቺፕ ውስጥ ያለው የሲአርሲ ክፍል ከ`0xFFFFFFFF` ይጀምራል፣ በመጨረሻም ውጤቱን አይገለብጥም። ስለዚህ ርዝመቱ ዜሮ ከሆነ የሚሰጠው መልስ `0xFFFFFFFF` ነው፤ የጠፋ ፍላሽም የሚነበበው እንደዚያው ነው። ባዶው ከባዶው ጋር ተመሳክሮ ትክክል ይባላል።

ይኸው የሲአርሲ ክፍል ሌላም ወጥመድ አለው። የሚጠቀምበት ፖሊኖሚያል `0x04C11DB7` በኮምፒውተር በኩል ከተለመደው ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን የቢቶቹ አቅጣጫና የመጨረሻው መገልበጥ ይለያያሉ። በፓይተን `zlib.crc32` አስልቶ ከቺፑ ክፍል ውጤት ጋር የሚያነጻጽር ሰው ምንጊዜም ስምምነት አያገኝም፤ ጥፋቱንም በመስመሩ ወይም በፍላሹ ላይ ሲፈልግ ይውላል። ይህን ለመለየት `123456789` የሚሉትን ዘጠኝ ፊደላት በሁለቱም ወገን ማስላት ይበቃል። የኮምፒውተሩ ዓይነት `0xCBF43926` ይሰጣል፤ ቢቶቹን የማያገላብጠው ዓይነት `0x0376E6E7`። የቺፑ ክፍል አራት አራት ባይት ስለሚቀበል እነዚህን ዘጠኝ ፊደላት እንዳሉ ሊወስድ አይችልም። ለቀላል ቡትሎደር የተሻለው ምርጫ ክፍሉን ትቶ የኮምፒውተሩን ዓይነት በሶፍትዌር መጻፍ ይመስላል፤ ዝግተኛ ነው፣ ግን ማንም ሰው ያለ ልዩ መሣሪያ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ሲአርሲው ሲስማማ ቡትሎደሩ ኢንተራፕቶችን ይዘጋል፣ የተጠቀመበትን የሲሪያል ክፍል ወደ መነሻው ይመልሳል፣ `SCB->VTOR` ላይ `0x08002400` ይጽፋል፣ የቁልሉን አድራሻ ከፕሮግራሙ የመጀመሪያ ቃል ወስዶ ሁለተኛው ቃል ወደሚያመለክተው ቦታ ይዘልላል። `SCB->VTOR` ከተረሳ ፕሮግራሙ ይነሣል፣ የመጀመሪያ መልእክቱንም ያትማል፤ የመጀመሪያው ኢንተራፕት ሲመጣ ግን ወደ ቡትሎደሩ ኮድ ይሄዳል። ሌላው ስሕተት ፕሮግራሙ ለ`0x08000000` እንደ ተገነባ መላኩ ነው። ሲአርሲው እንከን የለሽ ሆኖ ያልፋል፣ ምክንያቱም ባይቶቹ እንደ ተላኩ ደርሰዋል፤ ሁለተኛው ቃል ግን የሚያመለክተው ወደ ቡትሎደሩ ክልል ነው። ሁለተኛው ቃል በ`0x08002400` እና በ`0x08010000` መካከል መሆኑን፣ የመጀመሪያው ቃል ደግሞ በራም ክልል ውስጥ መሆኑን ማየት ይህን በሁለት ንጽጽር ይይዛል።

እንዲህ ያለ ንድፍ መፈተሽ ያለበት ኃይል በመቁረጥ ነው። ሌላ ትንሽ ቦርድ በሪሌይ የመሣሪያውን ኃይል እንዲቆርጥ ይደረጋል፤ የመቁረጫው ቅጽበት ማደሱ ከጀመረበት አንሥቶ በየሙከራው 50 ሚሊ ሰከንድ ይገፋል። ለ7 ሰከንድ ማደስ ይህ 140 ሙከራ ነው፤ ገጹ ዋስትና ካለው 10,000 ማጥፋት አንጻር ጥቂት ነው። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መሣሪያው በሲሪያል መስመሩ ይመልሳል ወይ? የቀድሞው ፕሮግራም፣ አዲሱ ወይም ቡትሎደሩ ሊመልስ ይችላል፤ ዝምታ ግን ንድፉ ቀዳዳ እንዳለው ያሳያል፣ የተቋረጠበት ቅጽበትም ቀዳዳው የት እንደሆነ ይጠቁማል።

ንድፉ የማይሸፍነውም አለ። ማደሱ ከተቋረጠ መሣሪያው አይሞትም፣ ሥራውን ግን አይሠራም፤ ኮምፒውተር ይዞ የሚመለስ ሰው ይጠብቃል። የቀድሞውን ፕሮግራም እስከ መጨረሻ ለማቆየት ሁለት ቦታ ያስፈልጋል፤ ከቀረው ፍላሽ ላይ ግን ለእያንዳንዱ 27 ኪሎባይት ያህል ብቻ ስለሚደርስ 40 ኪሎባይት ያለው ፕሮግራም አይገባም። ያን ጊዜ ምርጫው ትልቅ ቺፕ መግዛት ወይም ፕሮግራሙን ማሳነስ ነው። ሲአርሲውም የሚጠብቀው ከአጋጣሚ ብልሽት እንጂ ከሰው አይደለም፤ በመስመሩ ላይ ገመድ ማስገባት የሚችል ሁሉ ትክክለኛ ሲአርሲ ያለው የራሱን ፕሮግራም ሊልክ ይችላል። ይህ አሳሳቢ በሆነበት ቦታ በራስጌው ላይ ዲጂታል ፊርማ ይጨመራል፤ የማጥፋቱና የመጻፉ ቅደም ተከተል ግን ሳይለወጥ ይቆያል።